“አምስት ሺህ በእጅህ” ከተባለ ታክሱ በማን ኪስ ነው?

ቃል ሲገባ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ወሩ ሲያልቅ ነው። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ የሽያጭ ሠራተኛ ሲቀጥር፣ “ደመወዝህ 12 ሺህ ብር ነው። ለትራንስፖርት ደግሞ ከታክስ ነፃ 5 ሺህ ብር በእጅህ ይገባል” ይለዋል። ሠራተኛው ይስማማል፤ ውሉም ይፈረማል። የመጀመሪያው ደመወዝ ሲከፈል ግን ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። “ጋሼ፣ 880 ብር ጎድሎብኛል” ይላል። ነጋዴው የሒሳብ ሠራተኛዋን ይጠራል። እሷም “መንግሥት የሚወስደውን ነው የቆረጥኩት” ትላለች። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። የጠፋው እውነት ሳይሆን፣ ውሉ ሲጻፍ መሠራት የነበረበት አንድ ስሌት ነው።

የስሌቱ ስም በሒሳብ ሰዎች ዘንድ “ግሮስ አፕ” ይባላል። በእጅ እንዲገባ ከተስማሙበት የተጣራ ገንዘብ ተነስቶ፣ ታክሱ ከተቆረጠ በኋላ ልክ ያ ገንዘብ እንዲቀር ከታክስ በፊት ስንት መከፈል እንዳለበት ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት ማለት ነው። ለደመወዝ ሲሠራ ብዙ ሒሳብ ሠራተኞች ያውቁታል። ከፊሉ ከታክስ ነፃ፣ ከፊሉ ታክስ የሚከፈልበት አበል ሲሆን ግን ስህተቱ የበዛ ነው። ስህተቱም የሠራተኛውን ኪስ ወይም የአሠሪውን ካዝና፣ አንዳንዴም የሁለቱንም ይነካል።

መጀመሪያ አንድ ነገር መጥራት አለበት። አንድን አበል ከታክስ ነፃ የሚያደርገው የአሠሪው ቃል አይደለም። የ2008 ዓ.ም. የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በመጓጓዣ ምትክ የሚከፈል አበልን ከግብር ነፃ ከሚያደርጋቸው ክፍያዎች መካከል አስፍሮታል፤ ነገር ግን ነፃነቱ በመመሪያ በሚወሰነው መጠን ብቻ ነው። ከዚያ መጠን በላይ የሆነው ብር ስሙ አበል ቢሆንም በግብር ፊት ደመወዝ ነው፤ በደመወዙ ላይ ተደምሮ ይታሰባል። ስለዚህ “ከታክስ ነፃ 5 ሺህ” የሚለው ቃል በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ሕጉ ነፃ ያደረገው ብር ነው። ሁለተኛው ሕጉ ነፃ ያላደረገው፣ ነገር ግን አሠሪው “ታክሱን እኔ እችላለሁ” ያለለት ብር ነው። በጥቅሉ “ከታክስ ነፃ” ሲባል ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይወለዳል።

በምሳሌው ለዚህ ሠራተኛ መመሪያው ነፃ የሚያደርግለት 2,200 ብር ነው ተብሎ ይያዝ። እውነተኛ ውል የሚጽፍ ሰው በዚያን ዕለት በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ማየት ይኖርበታል። ከ5 ሺህ ብር ላይ 2,200 ሲነሳ 2,800 ብር ይቀራል። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች 2,800 ብር ላይ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ (አዋጅ ቁጥር 1395/2017) መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4 ሺህ 15 በመቶ፣ እስከ 7 ሺህ 20 በመቶ፣ እስከ 10 ሺህ 25 በመቶ፣ እስከ 14 ሺህ 30 በመቶ ይከፈላል፤ ከ14 ሺህ በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። የምሳሌው ሠራተኛ ደመወዝ 12 ሺህ በመሆኑ 30 በመቶው እርከን ላይ ቆሟል። ከላይ የሚጨመርለት የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር በ30 በመቶ፣ ከዚያ ያለፈው በ35 በመቶ ይቆረጥበታል። ሒሳብ ሠራተኛዋ አበሉን 5 ሺህ ብላ ስትመዘግብ ከ2,800 ብር ላይ በ2 ሺው 600 ብር፣ በ800ው ደግሞ 280 ብር ቆረጠች። ድምሩ 880 ብር ነው። ሠራተኛው 4,120 ብር ተቀበለ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ከሦስት መንገዶች አንዱን መያዙ አይቀርም። ሦስቱም በየቢሮው የሚታዩ ናቸው፤ ሦስቱም ስህተት ናቸው።

የመጀመሪያው “35 በመቶ ጨምሩለት” የሚለው ነው። የ2,800 ብር 35 በመቶ 980 ብር ስለሆነ ታክስ የሚከፈልበት ክፍል 3,780 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ግብሩ 1,223 ብር ነው። የሚቀረው 2,557 ብር ነው፤ ከ2,800 ብር 243 ብር ይጎድላል። ስህተቱ ግልጽ ነው፤ መቶኛው የተሰላው በተጣራው ብር ላይ ሲሆን መንግሥት ግን የሚቆርጠው ካደገው ብር ላይ ነው። የተጨመረውም ብር ራሱ ይታክሳል። ስለዚህ ማባዛት አይሠራም፤ ማካፈል እንጂ። ከመቶ 35 ከተወሰደ የሚቀረው 65 ነውና፣ የሚፈለገውን የተጣራ ብር ለ0.65 ማካፈል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ማካፈልን ከሚያውቅ ሰው የሚመጣ ነው። ሙሉውን 5 ሺህ ለ0.65 ያካፍልና 7,692.31 ብር ያገኛል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 2,200ው አስቀድሞም ግብር የለበትም። ፔሮሉ 2,200ውን ነፃ አድርጎ ቀሪውን ሲታክስ 1,822.31 ብር ይቆርጣል፤ ሠራተኛው በእጁ 5,870 ብር ይገባለታል። አሠሪው በየወሩ 870 ብር፣ በዓመት 10,440 ብር ያለ ውል ይሰጣል። ይህ ስህተት ተደብቆ የሚኖር ነው፤ በዝቶ የተከፈለው ሰው ስለማይጮህ። የሚታወቀው ሌላ ሒሳብ ሠራተኛ መጥቶ ሲያስተካክለው ነው፤ ያኔ ደግሞ ሠራተኛው “ደመወዜ ተቀነሰ” ብሎ ይጮሃል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ነጋዴው “ለ880 ብር ምን ያጨቃጭቃል? ከድርጅቱ ሒሳብ ክፈሉለት” ይላል። ሠራተኛው 5 ሺህ ብሩን ይቀበላል፤ ድርጅቱም 880 ብሩን ለገቢዎች ይከፍላል። ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ሕጉ ግን በዚህ አያበቃም። አሠሪው የሠራተኛውን ግብር ከደመወዙ ሳይቀንስ ከራሱ ከከፈለ፣ የከፈለው ግብር ራሱ የሠራተኛው ገቢ ሆኖ ይደመራል። 880 ብሩ ገቢ ከሆነ 35 በመቶው፣ ማለትም 308 ብር፣ ግብር አለበት። ያንንም አሠሪው ከከፈለ 107.80 ብር ይመጣል፤ ከዚያ 37.73 ብር፤ እንዲህ እያለ እያነሰ ይሄዳል። ሁሉም ሲደመር 1,353.85 ብር ይሆናል። በ880ው እና በዚህ መካከል ያለው የ473.85 ብር ልዩነት በየወሩ ሳይከፈል የሚቀር ግብር ነው። ለአንድ ሠራተኛ በዓመት 5,686.15 ብር ነው። ተመሳሳይ ውል ያላቸው 20 ሠራተኞች ቢኖሩ ከ113 ሺህ ብር ያልፋል። ኦዲት ሲመጣ ቅጣቱና ወለዱ ሲታከልበት የነጋዴው ደግነት ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከሠራተኛው እንዳይጠይቅ ደግሞ “በእጅህ 5 ሺህ” ብሎ ፈርሟል።

ትክክለኛው ስሌት ከሦስቱም አይከብድም። የሚሠራውም እንደሚከተለው ነው። አበሉ በመጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል፤ 2,200 ብር ነፃው ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ 2,800ው የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው። ሠራተኛው 35 በመቶ እርከን ላይ እስኪደርስ 2 ሺህ ብር ቦታ አለው፤ በዚያ 2 ሺህ ብር ላይ 30 በመቶ ሲቆረጥ 1,400 ብር የተጣራ ይገኛል። ከሚፈለገው 2,800 ብር ላይ ገና 1,400 ብር ይቀራል። ይህ በ35 በመቶው እርከን ስለሚገኝ ለ0.65 ይካፈላል፤ 2,153.85 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ታክስ የሚከፈልበት የአበል ክፍል 4,153.85 ብር ነው። ነፃው 2,200 ሲታከልበት በፔሮሉ ላይ መመዝገብ ያለበት አበል 6,353.85 ብር ይሆናል። ግብሩ 1,353.85፤ በእጅ የሚገባው ልክ 5,000 ብር። የግብሩ መጠን ቀደም ሲል እያነሰ ሲደመር ከተገኘው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት መንገድ ናቸው።

ስሌቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በአበሉ ብቻ ሳይሆን በሙሉው የደመወዝ ወረቀት ነው። ደመወዙ 12 ሺህ እና ታክስ የሚከፈልበት አበል 4,153.85 ተደምረው 16,153.85 ብር ይሆናሉ። በዚህ እርከን ግብሩ የሚገኘው በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ብር ሲቀነስ ነው፤ 3,603.85 ብር ይመጣል። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ ከመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ስለሚታሰብ 840 ብር ነው። ከ12 ሺህ ደመወዝና ከ6,353.85 አበል ላይ ሁለቱ ሲቀነሱ ሠራተኛው 13,910 ብር ይቀበላል። አበሉ ባይኖር ኖሮ ይቀበል የነበረው 8,910 ብር ነው። ልዩነቱ 5 ሺህ፤ ሳንቲም አልጎደለም፣ አልተረፈም። ማንኛውም ነጋዴ ሒሳብ ሠራተኛውን ሊጠይቀው የሚገባው ይህንን ነው፤ “አበሉ ያለበትንና የሌለበትን ሁለት ወረቀት አሳየኝ።” የሁለቱ ልዩነት ከተስማሙበት ቁጥር ጋር ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

እስካሁን ያለው ሒሳብ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን የውል ጉዳይ ነው፤ እዚህም ላይ ነው ብዙ ገንዘብ ሳይታወቅ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የሚሻገረው።

ይኸው ሠራተኛ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. በፊት ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ሌላ ነበር። በቀድሞው የእርከን ሠንጠረዥ 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ስለነበር፣ በ12 ሺህ ደመወዝ ላይ የሚጨመር ብር ሁሉ በ35 በመቶ ይታክስ ነበር። 2,800 ለ0.65 ሲካፈል 4,307.69፤ ከነፃው 2,200 ጋር አበሉ 6,507.69 ብር ይሆን ነበር። አዲሱ ሠንጠረዥ ሲመጣ ይኸው የተጣራ 5 ሺህ ብር በ6,353.85 ብር ሊገኝ ቻለ። በየወሩ 153.84 ብር ተረፈ ማለት ነው። ይህ ብር የማን ነው?

ውሉ “በእጅ 5 ሺህ” ካለ የአሠሪው ነው። ግብሩን የተሸከመው እሱ ነበርና ግብሩ ሲቀልም የሚቀልለት ለእሱ ነው። ውሉ “አበል 6,507.69 ብር፣ ግብር ተቀናሽ ይሆናል” ካለ ግን የሠራተኛው ነው፤ ፔሮሉ ምንም ሳይነካ በእጁ የሚገባው አበል ወደ 5,100 ብር ያድጋል። በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ የቀነሰው 450 ብር ግብር በሁለቱም መንገድ የሠራተኛው ነው፤ ደመወዙ ከግብር በፊት የተነገረ ነበርና። በአንድ ወረቀት ላይ ደመወዙ በጥቅል፣ አበሉ በተጣራ ሲጻፍ፣ የመንግሥት ቅናሽ ግማሹ ወደ አንዱ ግማሹ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሲፈራረሙ ይህንን ያሰቡ አሠሪና ሠራተኛ ምን ያህል ናቸው?

ሁለተኛው የውል ክፍተት ኮሚሽን ነው። ይህ ሰው የሽያጭ ሠራተኛ ነው። አንድ ወር ጥሩ ሸጦ 3 ሺህ ብር ኮሚሽን ቢያገኝ ደመወዙና ኮሚሽኑ 15 ሺህ ይሆናሉ። በ30 በመቶው እርከን የነበረውን የ2 ሺህ ብር ቦታ ኮሚሽኑ ይይዘዋል። አበሉ በዚያ ወር ሙሉ በሙሉ 35 በመቶው ላይ ስለሚወድቅ የተጣራ 5 ሺህ ለማድረስ እንደገና 6,507.69 ብር ያስፈልጋል። ፔሮሉ በቋሚነት 6,353.85 ላይ የተተወ ከሆነ ሠራተኛው በጥሩ ወሩ በእጁ የሚገባው 4,900 ብር ይሆናል። ብሩ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሲሸጥ አበሉ የሚያንስበት ሰው በአሠሪው ላይ ያለው እምነት ከ100 ብር በላይ ይቀንሳል። ከታችኛው እርከን የሚጠቀመው የቱ ነው፣ ኮሚሽኑ ወይስ አበሉ? ሕጉ ስለዚህ አይናገርም፤ ለሕጉ ድምሩ ይበቃዋል። መናገር ያለበት ውሉ ነው።

አንዳንድ አሠሪዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመዳን “አበሉን ትተን ደመወዙን ከፍ እናድርግ” ይላሉ። ይህ መፍትሔ ቀላል ቢመስልም ውድ ነው። በመጀመሪያ ነፃው 2,200 ብር ይጠፋል። ቀጥሎም በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ጡረታ አለ። 35 በመቶው እርከን ላይ ከሚጨመር እያንዳንዱ 100 ብር ደመወዝ ግብርና 7 በመቶው መዋጮ ተቀንሶ ለሠራተኛው የሚቀረው 58 ብር ነው፤ አሠሪው ደግሞ ከላይ 11 ብር ለጡረታ ይጨምራል። በእርግጥ የጡረታው ብር አይባክንም፤ ሠራተኛው ሲያረጅ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ቃሉ “ዛሬ በእጅህ” ከሆነ ይህ መንገድ ያንን ቃል የሚፈጽመው በብዙ ወጪ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? በተጣራ መስማማት ጨርሶ መቅረት አለበት ማለት አይቻልም። ሠራተኛ የሚያስበው ለቤት ኪራይና ለታክሲ የሚቀርለትን ነው፤ ጥቅል ቁጥር አይመነዘርለትም። ለድርድር የተጣራው ቁጥር ትክክለኛ ቋንቋ ነው። ለውል ግን አይደለም። ድርድሩ በተጣራ አልቆ፣ ስሌቱ በዚያው ቀን ተሠርቶ፣ ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ጥቅሉ ነው፤ “የትራንስፖርት አበል በወር 6,353.85 ብር፤ በሕግ ነፃ ከሆነው በላይ ያለው ግብር ይቆረጥበታል።” የስሌቱ ወረቀት ተፈርሞ ከውሉ ጋር ቢያያዝ ደግሞ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግብሩ ቢጨምርም ቢቀንስም፣ ኮሚሽን ቢመጣም ባይመጣም ጉዳዩ የሠራተኛውና የመንግሥት ነው። አሠሪው ወጪው ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ሠራተኛውም ከፍ ያለ ግብር ሲመጣ የማን ጥፋት እንደሆነ ያውቃል።

አሠሪው ግን ለሠራተኛው የተጣራውን ማረጋገጥ ግድ ከሆነበት፣ “ከታክስ ነፃ” የምትለዋ ቃል ከውሉ ትውጣና በእሷ ምትክ ሦስት ነገሮች ይጻፉ። ነፃ ካልሆነው ክፍል ግብሩን የሚችለው አሠሪው መሆኑ፤ ስሌቱ በየወሩ ከደመወዝና ከኮሚሽን ሁሉ በላይ አበሉን አድርጎ የሚሠራ መሆኑ፤ የግብር እርከን ወይም የነፃ አበል መጠን ሲለወጥ ትርፉም ኪሳራውም ወደ ማን እንደሚሄድ። ይህንን መጻፍ ያልፈለገ አሠሪ በእውነት የገባው ቃል ስንት እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው። በምሳሌው 5 ሺህ ብር ያለው ሰው ያወጣው 6,353.85 ብር ነው፤ በዓመት 16,246.15 ብር ልዩነት አለው።

ጉዳዩ የሚመለከተው ቀጣሪውን ብቻ አይደለም። የአንድን ድርጅት አክሲዮን ወይም ሙሉ ድርጅቱን ሊገዛ የሚደራደር ባለሀብት፣ አሻሻጩም ቢሆን፣ መጋዘኑንና የባንክ ሒሳቡን እንደሚያይ ሁሉ የቅጥር ውሎቹን ማገላበጥ ይገባዋል። “የተጣራ” ወይም “ከታክስ ነፃ” የሚል ቃል ካገኘ የሚቀጥለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ግብሩ በአበሉ ላይ ተጨምሮ ነው የተሰላው ወይስ ድርጅቱ 880 ብሩን እየከፈለ ዝም ብሏል? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ያ ድርጅት በሒሳብ መዝገቡ ላይ የማይታይ ዕዳ አለበት፤ ድርጅቱን የገዛውም ዕዳውን አብሮ ይገዛል። ከሽያጩ ዋጋ ላይ መቀነስ ያለበትም ውል ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደራደረው ከሻጩ ጋር ሳይሆን ከገቢዎች ጋር ነውና።